ርክክብና ሐዲድ፤ ከአዋሽ–ሐራ ገበያ መስመር ታሪክ

ከወልድያ ብዙም ሳትርቅ በቆላው ሜዳ የምትገኘው ሐራ ገበያ በባቡር ዕቅዱ ላይ የሦስት መስመሮች መገናኛ ሆና ተሥላ ነበር። አንደኛው ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ሀብሩን አቋርጦ የሚመጣው፣ ሁለተኛው ወደ መቀሌ የሚወጣው፣ ሦስተኛው ወደ ታጁራ ወደብ የሚወርደው ነው። የአዋሹ መስመር 390 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ያፒ መርከዚ የተባለው የቱርክ ኩባንያ በ2004 ዓ.ም. ውል ፈርሞ በ2007 ዓ.ም. ወደ ሥራ ገባ። ዋሻው ተፈለፈለ፣ ድልድዩ ተሠራ፣ እስከ ኮምቦልቻ ያለው የመጀመሪያው ክፍልም ከሞላ ጎደል ተጠናቀቀ። ባቡሩ ግን መደበኛ አገልግሎት አልጀመረም። ካገዱት ምክንያቶች አንዱ ሐዲዱ ኤሌክትሪክ አለማግኘቱ ነበር።

ነገሩን ለመረዳት የሥራውን አከፋፈል ማየት ያስፈልጋል። ባቡሩ የሚጎተተው ከሐዲዱ በላይ በተዘረጋ የ25 ኪሎ ቮልት ሽቦ ነው። ሽቦውን መዘርጋት የተቋራጩ ሥራ ነው፤ ኃይሉን ከብሔራዊው መረብ አንሥቶ እስከ ማከፋፈያ ጣቢያው ማድረስ ግን የኤሌክትሪክ ኃይል ተቋሙ ድርሻ ነው። ሁለቱም የየራሳቸው በጀትና የየራሳቸው መርሐ ግብር አላቸው። የሐዲዱ ሥራ ዘጠና ከመቶ ሲደርስ የሚቀርበው ሪፖርት እውነት ነው፤ ሆኖም መቶኛው የሚለካው በተሠራው እንጂ በሚጠበቀው ነገር አይደለም። የቀረው ጥቂት ክፍል በሌላ ወገን እጅ ከሆነ፣ የተሠራው ሁሉ ተገትሮ ይቆያል።

ይህ ችግር በአገራችን ብቻ የታየ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1957 የዱፖንት ኩባንያ መሐንዲሶች፣ በ1958 ደግሞ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የፖላሪስ ሚሳይል ክፍል፣ የሥራዎችን ቅደም ተከተል በመረብ እየሣሉ የትኛው ሥራ የትኛውን እንደሚያግድ የሚያሳይ ስልት አወጡ። ስልቱ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን መረቡ ውስጥ የገባውን ብቻ ያሳያል። እያንዳንዱ ቡድን የራሱን መረብ ለብቻው ከሣለ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ርክክብ በማንኛቸውም ላይ አይገኝም።

ስለዚህ መመዝገብ ያለበት ርክክቡ ራሱ ነው። ለእያንዳንዱ ርክክብ ሰጪው፣ ተቀባዩ፣ ተቀባዩ የሚፈልግበት ቀንና ሰጪው የገባው የተስፋ ቀን በአንድ መስመር ይጻፋሉ። የሚፈለግበት ቀን የሚገኘው ከመጨረሻው ወደ ኋላ በመቁጠር ነው። ለማስረዳት ያህል፣ የሙከራ ጉዞው ሰኔ 30 ማለቅ አለበት እንበል። ሙከራው 4 ወር፣ ማከፋፈያ ጣቢያውን መፈተሽና ኃይል መልቀቅ 2 ወር ቢወስድ፣ ኤሌክትሪኩ ታኅሣሥ 30 መድረስ አለበት። ትራንስፎርመር አዝዞ ማስመጣት 10 ወር፣ ከዚያ በኋላ የሚከናወነው ቀሪ ሥራ ሌላ 10 ወር ቢፈጅ፣ ትእዛዙ መውጣት ያለበት ከሙከራው ፍጻሜ 26 ወር አስቀድሞ ነው። በዚያን ጊዜ ገና አፈር እየተቆፈረ ስለሚሆን ስለ ኤሌክትሪክ የሚጨነቅ ሰው አይገኝም። የተስፋው ቀን ከሚፈለግበት ቀን ካለፈ ግን፣ ምንም እንኳ ሁለት ዓመት ቢቀር፣ ሥራው ከዚያች ዕለት ጀምሮ ታግዷል ማለት ነው።

የተስፋው ቀንም በቃል ብቻ አይታመንም። «በሂደት ላይ ነው» የሚለው መልስ ምንም አይለካም። የሚጠየቀው በዓይን የሚታየው ቀጣይ ምልክት ነው፤ የመስመሩ ቅየሳ አልቋል ወይ? ለባለ ይዞታው ካሳ ተከፍሏል ወይ? የምሰሶው መሠረት ተሞልቷል ወይ? ተመሳሳይ መልስ ሁለት ወር በተከታታይ ከተሰጠ ጉዳዩ ቆሟል ብሎ መያዝ ይገባል። ያን ጊዜ ሁለቱ ቡድኖች ከመነታረክ ይልቅ ሁለቱንም ማዘዝ ወደሚችል ባለሥልጣን ማቅረብ አለባቸው፤ ከሁለቱ አንዱ ሌላውን ሊያዝ አይችልምና።

መዝገቡ የማይሠራውም አለ። በቻይና ኩባንያ የተጀመረው የሐራ ገበያ–መቀሌ መስመር የቆመው በገንዘብ እጦት ነው፤ ገንዘብም ርክክብ እንደ መሆኑ መዝገቡ እጦቱን ቀድሞ ሊያሳይ ይችላል፣ ሊሞላው ግን አይችልም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያና ኮምቦልቻ ደርሶ በባቡሩ ፕሮጀክት ንብረት ላይ ያደረሰውን ዘረፋና ጉዳትም የትኛውም መርሐ ግብር ሊያስቀረው ባልቻለ ነበር። የኤሌክትሪኩ ጉዳይ ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ መድረሻ ቀኑ ከመጀመሪያው የመሠረት ቁፋሮ ቀን ጀምሮ በወረቀት ላይ ሊሰላ የሚችል ነበር።