ከፈተናና ከቃለ መጠይቅ በፊት የሚመጣ የሆድ መረበሽ፦ በአተነፋፈስና በምግብ ሰዓት እንዴት ይረጋጋል?

ፈተና ወይም የሥራ ቃለ መጠይቅ ሲቃረብ «ሆዴን ባር ባር አለኝ» የሚል ሰው ብዙ ነው። አንዳንዱን ያቅለሸልሸዋል፣ ምግብ ማየትም ያስጠላዋል። ሌላውን ሆዱን ይቆርጠውና ደጋግሞ ወደ መጸዳጃ ቤት ያመላልሰዋል። ሁለቱም በአንድ ሰው ላይ በአንድ ጠዋት ሊደርሱ ይችላሉ። ይህ ችግር ብዙ ጊዜ «ጨጓራ ነው» ወይም «ጃርዲያ ነው» ተብሎ ያለምርመራ መድኃኒት ይወሰድበታል። መንስኤው ጭንቀት ከሆነ ግን መድኃኒቱ የማይጠቅም ብቻ ሳይሆን የጎንዮሽ ጉዳቱ ለራሱ ሆድ የሚረብሽ ሊሆን ይችላል።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ጉዳዩ ለብዙ ቤተሰቦች ከበድ ብሏል። ከአቦምሳ ወይም ከሌላ የአርሲ ከተማ ተነስቶ ወደ ተመደበበት ግቢ የሚሄድ ተማሪ ከፈተናው ጭንቀት በተጨማሪ ምግቡ፣ ውኃው፣ የእንቅልፍ ቦታውና የመጸዳጃ ቤት ልማዱ በአንድ ጊዜ ይለወጡበታል። ስለዚህ ዝግጅቱ ከቤት ሳይወጡ መጀመር አለበት።

ሆድ ለምን ይረበሻል?

አንጎልና ሆድ በነርቮች የተያያዙ ናቸው። ዋናው ነርቭ ቬገስ ይባላል። ከአንጎል ግርጌ ተነስቶ በደረት በኩል ወርዶ ልብን፣ ጨጓራንና አንጀትን ይነካል። ሰው ሲጨነቅ አንጎል አካልን ለአደጋ የሚያዘጋጁ መልእክቶችንና ሆርሞኖችን ይለቃል። እነዚህ መልእክቶች የሆድን ላይኛውና ታችኛው ክፍል በተቃራኒ መንገድ ይለውጣሉ።

ጨጓራ ሥራውን ያዘገያል። የተበላው ምግብ ሳይወርድ ይቆያል፤ የመክበድ፣ የማቅለሽለሽና የመነፋት ስሜት የሚመጣው ከዚህ ነው። ትልቁ አንጀት ደግሞ በተቃራኒው ይፈጥናል። ውኃው በወጉ ሳይመጠጥ ሰገራው ስለሚወርድ ቁርጠትና የቀጠነ ሰገራ ያስከትላል። ከዚህ የሚከተሉት መፍትሔዎችም ሁለት ናቸው፦ ለዘገየው ጨጓራ ቀላል ምግብና በቂ ጊዜ መስጠት፣ እንዲሁም በአተነፋፈስ አማካይነት የአደጋውን መልእክት ማብረድ።

አተነፋፈስ፦ እንዴት ይሠራል?

የልብ ምትንና የአንጀትን እንቅስቃሴ በፈቃድዎ ማዘዝ አይችሉም። ትንፋሽዎን ግን ይችላሉ። ትንፋሽ በዝግታ ሲወጣ የቬገስ ነርቭ ሥራ ይጠነክራል፣ የልብ ምትም ዝግ ይላል። ስለዚህ ዋናው ነገር ብዙ አየር መሳብ ሳይሆን ቀስ ብሎ ማስወጣት ነው።

1. ቀበቶዎን ላላ አድርገው፣ እግርዎን መሬት አስነክተው ይቀመጡ።
2. አንድ እጅዎን ደረትዎ ላይ፣ ሌላውን ከጎድን አጥንትዎ በታች ሆድዎ ላይ ያድርጉ።
3. በአፍንጫዎ አየር እየሳቡ በልብዎ እስከ 4 ይቁጠሩ። ሆድዎ ላይ ያለው እጅ ከፍ ሊል፣ ደረትዎ ላይ ያለው ግን ብዙም ሊንቀሳቀስ አይገባም።
4. ትንፋሽዎን ሳይዙ፣ ትኩስ ሻይ በቀስታ እንደሚያቀዘቅዙ ያህል እስከ 6 እየቆጠሩ ያስወጡ።
5. ለ5 ደቂቃ ይቀጥሉ። አንዱ ቁጥር አንድ ሰከንድ ያህል ከሆነ በደቂቃ 6 ጊዜ ይተነፍሳሉ ማለት ነው።

አንዳንድ ሰው ሲሞክረው ራሱን ያዞረዋል ወይም ጣቶቹንና ከንፈሩን ይነዝረዋል። ይህ የሚሆነው አየሩ ከመጠን በላይ ሲሳብ ነው። ቆም ይበሉና በተለመደው አተነፋፈስዎ ትንሽ ይቆዩ፤ ከዚያ ያነሰ አየር እየሳቡ እንደገና ይጀምሩ። 4 እና 6 ከበዛብዎት በ3 እና በ4 ይጀምሩ።

ሌላው የተለመደ ስህተት ልምምዱን በፈተናው ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ መሞከር ነው። ልብ በፍጥነት እየመታ አዲስ ነገር መማር ያስቸግራል። ቢያንስ ለ2 ሳምንት፣ ጠዋትና ማታ 5 ደቂቃ ይለማመዱ። ከለመዱት በኋላ እጅዎን ሆድዎ ላይ ማድረግ አያስፈልግም። በፈተና ወንበር ላይ ወይም ቃለ መጠይቅ ለመግባት ተራ ሲጠብቁ፣ ዓይንዎን ሳይጨፍኑና ማንም ሳያውቅ 6 ጊዜ መተንፈስ ይበቃል። ይህ የሚወስደው አንድ ደቂቃ ነው።

የምግብ ሰዓት

ምግብ ጨጓራ ውስጥ ሲገባ ትልቁ አንጀት ለአዲሱ ቦታ ለማስለቀቅ ይንቀሳቀሳል። ይህ በተለይ ጠዋት ይበረታል፤ ቡናም ያፋጥነዋል። ስለዚህ ከፈተናው ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ቁርስ የበላ ሰው አንጀቱ የሚንቀሳቀሰው ወረቀቱን ሲቀበል ሊሆን ይችላል። ቁርሱን 2 ሰዓት ያህል አስቀድሞ የበላ ሰው ግን በቤቱ ወይም በማደሪያው ተጸዳድቶ ለመውጣት ጊዜ ያገኛል።

«ሆዴን እንዳያስቸግረኝ» ብሎ ጾሙን የሚወጣም አለ። ቁርስ መብላት ለለመደ ሰው ይህ ብዙ ጊዜ አያዋጣም። ባዶ ሆድ ይጮኻል፣ ያቃጥላል፤ በመሃልም ረሃብ ሐሳብ ይሰርቃል። በባዶ ሆድ ቡና ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል።

ለዚያ ጠዋት የሚሻለው መጠኑ አነስ ያለ፣ ቅባቱና በርበሬው የቀነሰ፣ ሆድዎ የለመደው ምግብ ነው። አንድ ጭልፋ የሚሆን ቂንጬ፣ ዳቦ ከተቀቀለ እንቁላል ጋር፣ ወይም ጥቂት እንጀራ በአልጫ ይበቃል። ቤተሰብ ቀኑን ለማሳመር በቅቤና በበርበሬ የታሸ ጨጨብሳ ወይም ገንፎ ማቅረብ ይወዳል። ነገር ግን ቅባት የበዛበት ምግብ ከጨጓራ ለመውጣት ረጅም ጊዜ ይፈልጋል፤ ጨጓራው ደግሞ በጭንቀት ዘግይቷል። ይህን ለፈተናው ማግስት ቢያቆዩት ይሻላል። ብዙ ወተት፣ ቃሪያና ሽንኩርት የበዛበት ፉል እንዲሁም ጥሬ ሥጋም እንደዚሁ ለሌላ ቀን ይቆዩ።

ቡና የለመዱ ከሆነ በዚያ ቀን በድንገት አይተዉት፤ ራስ ምታት ሊያመጣ ይችላል። ከቁርስ በኋላ አንድ ሲኒ ይጠጡ። ያልለመዱ ከሆነ ግን ለመንቃት ብለው አይጀምሩ። ሌሊት ለማጥናት ጫት መቃም እንቅልፍ ይነሳል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ የጨጓራንም ሥራ የበለጠ ያዘገያል።

በጾም ላይ ያለ ሰው ይህንኑ በራሱ ሰዓት ማስተካከል ይችላል። ጠዋት የማይበላ ከሆነ ከቀደመው ቀን ጀምሮ በሚበላበት ሰዓት ምግብና ውኃ በደንብ ይውሰድ፤ ሲያፈጥርም ቅባትና በርበሬ አያብዛ። የስኳር በሽታ ያለበት ወይም በሰዓት የሚወሰድ መድኃኒት ያለው ግን ከሐኪሙ ጋር ሳይመካከር መጾም የለበትም።

አንድ ምሳሌ

በአቦምሳ የምትማር የ12ኛ ክፍል ተማሪ አለች እንበል። በሞዴል ፈተና ጠዋት ትንሽ ያስታውካታል፣ ሦስት ጊዜም መጸዳጃ ቤት ትሄዳለች። ትኩሳት የላትም፣ ሰገራዋ ደም የለውም፤ ከሰዓት በኋላ ግን ደህና ሆና ትውላለች። ብሔራዊ ፈተናው ጠዋት 3፡00 ሰዓት ይጀምራል ብለን እናስብ።

ከ2 ሳምንት በፊት ጀምራ በየቀኑ 12፡00 ሰዓት ትነሳለች፣ 5 ደቂቃ ትተነፍሳለች፣ 12፡45 ላይ አነስ ያለ ቁርስ ትበላለች። ከቁርስ በኋላ ሰገራ ባይመጣም ለጥቂት ደቂቃ መጸዳጃ ቤት ትቀመጣለች፤ ሳታምጥ። አንጀት ሰዓት ይለምዳል፤ ሰዓቱን ለማስለመድ ግን ቀናት ያስፈልጋሉ። እራቷን ከመተኛቷ 3 ሰዓት ያህል በፊት ትበላለች።

ወደ ዩኒቨርሲቲው ስትሄድ ይዛ የምትሄደው ይህንኑ የሰዓት ልማድ ነው። በግቢው የቁርስ ሰዓት ቢዘገይ የምትበላውን ትቀንሳለች እንጂ ጨርሳ አትተወውም። 2፡40 ላይ ለ5 ደቂቃ ትተነፍሳለች፤ ወረቀቱ ሲሰጥ ደግሞ 6 ጊዜ። ሆዷ ፈጽሞ ዝም ላይል ይችላል። ማስታወኩ ከቀረና የመመላለሱ ብዛት ከቀነሰ ዘዴው ሠርቷል ማለት ነው።

ለቃለ መጠይቅ ወደ አዳማ የሚሄድ ሰውም በዚሁ መንገድ ይሂድ። ከተቻለ በዋዜማው ገብቶ ማደር ይሻላል። በዕለቱ በማለዳ መኪና የሚሄድ ከሆነ ከመነሳቱ በፊት ጥቂት ዳቦ ይብላ፤ የበሰለ ሙዝና ውኃ ይያዝ። መንገድ ላይ ያገኘውን ቅባት የበዛበት ምግብ በችኮላ አይብላ።

ቤተሰብ ምን ያድርግ?

ቁርሱን በሰዓቱ ያድርሱ፤ «ጨርስ» ብለው ግን አያስጨንቁ። «ሆድህ እንዴት ነው?» እያሉ ደጋግመው አይጠይቁ፤ ጥያቄው ራሱ ትኩረቱን ወደ ሆዱ ይመልሰዋል። ከቤት የተረፈ ፀረ ተህዋስያን መድኃኒት «ለማንኛውም» ብለው አይስጡ።

ሐኪም ማየት የሚያስፈልገው መቼ ነው?

በጭንቀት የሚመጣ የሆድ መረበሽ ከጉዳዩ ጋር መጥቶ ከጉዳዩ ጋር ይሄዳል። አብዛኛውን ጊዜ ከእንቅልፍ አይቀሰቅስም፣ ትኩሳትም የለውም። የሚከተሉት ካሉ ግን «ጭንቀት ነው» ብለው አይተዉት፤ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይሂዱ።

- ደም ያለበት ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ ደም የቀላቀለ ትውከት
- ትኩሳት
- ያለምክንያት ክብደት መቀነስ ወይም ለመዋጥ መቸገር
- ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም ወይም ተቅማጥ
- በስተቀኝ ወደ ታችኛው ሆድ የሚወርድና እየባሰ የሚሄድ ሕመም
- ፈተናው ካለፈ በኋላም የማይተው ምልክት

በፈተና ሳምንት በግቢው በርካታ ተማሪዎች በአንድ ጊዜ ካስቀመጣቸው ምግቡ ወይም ውኃው ሊጠረጠር ይገባል። ለግቢው ክሊኒክ ያሳውቁ፤ በወጡት ፈሳሽ ምትክ በንጹሕ ውኃ የተበጠበጠ ኦአርኤስ ይጠጡ።

ጭንቀቱ ከመበርታቱ የተነሳ ፈተና ወይም ቃለ መጠይቅ እየቀሩ ከሆነ፣ ወይም የሆድ ሕመሙ ለወራት ከተመላለሰ፣ አተነፋፈስና የምግብ ሰዓት ብቻቸውን አይበቁም። ሁለቱም ሕክምና ያላቸው ችግሮች ናቸው። ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት፣ በዚያ ቀን የበሉትንና የነበረብዎትን ጉዳይ በወረቀት ጽፈው ይያዙ፤ ሕመሙ ከጭንቀት ይሁን ከሌላ ለመለየት ያግዛል።