በወር አሥራ አምስት ዶላር
ከፋፍሎ መግዛትና ባንድ ጊዜ መግዛት በአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ፥ 1929–1954

በነሐሴ ወር 1929 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጆን ራስኮብ የተባለው የጄኔራል ሞተርስ የገንዘብ ሰው በአንድ የአሜሪካ የሴቶች መጽሔት ላይ «ሰው ሁሉ ባለጸጋ መሆን ይገባዋል» የሚል ሐሳብ ይዞ ቀረበ። ምክሩ አጭር ነበር። አንድ ወጣት በየወሩ 15 ዶላር በደኅና አክሲዮኖች ላይ ቢያውልና የትርፍ ድርሻውንም ሳይነካ መልሶ ቢገዛበት፥ ከሃያ ዓመት በኋላ 80,000 ዶላር ይኖረዋል የሚል ነው። ወጣቱ ከኪሱ የሚያወጣው በጠቅላላው 3,600 ዶላር ብቻ ስለሆነ፥ ተስፋው እንዲፈጸም ገንዘቡ በየዓመቱ ከ25 በመቶ በላይ ማደግ ነበረበት።

መጽሔቱ ከወጣ ጥቂት ሳምንታት በኋላ፥ መስከረም 3 ቀን 1929፥ የዳው ጆንስ የአክሲዮን ዋጋ አማካይ 381.17 ደረሰ። ከዚያ በኋላ ቁልቁል ወርዶ ሐምሌ 8 ቀን 1932 በ41.22 ቆመ። በጫፉ ላይ የነበረውን ዋጋ መልሶ ያገኘው በኅዳር 1954 ነው። ስለዚህ የራስኮብ ስም የዘመኑ ሞኝነት ምሳሌ ሆኖ ቀረ። ይሁን እንጂ ቤንጃሚን ግራሃም ኋላ ሒሳቡን መርምሮ ያገኘው ውጤት ለብዙዎች ያልተጠበቀ ነበር። ምክሩን ከ1929 እስከ 1948 ሳያቋርጥ የፈጸመ ሰው በ1949 መግቢያ ላይ 8,500 ዶላር ያህል ይኖረው ነበር። ከ80,000 ዶላር እጅግ የራቀ መሆኑ አያጠራጥርም። ሆኖም አማካዩ ከ300 ተነሥቶ በ177 በተዘጋበት ዘመን ገንዘቡ በዓመት ከ8 በመቶ በላይ አድጓል ማለት ነው።

ዋጋው ወድቆ ሳለ ገዢው እንዴት አተረፈ? ነገሩን ለማየት ዋጋው ከአማካዩ ጋር እኩል የሆነ አንድ ወረቀት አለ እንበል፤ የትርፍ ድርሻውን ለጊዜው እንተወው። የየዓመቱ መዝጊያ ዋጋ በ1928 300፥ በ1929 248.48፥ በ1930 164.58፥ በ1931 77.90፥ በ1932 59.93፥ በ1933 99.90 ነበር። አንደኛው ሰው 600 ዶላሩን በ1928 መጨረሻ ባንድ ጊዜ አውሎ ሁለት ወረቀት ገዛ። ሁለተኛው በስድስቱም ዓመታት መጨረሻ መቶ መቶ ዶላር አወጣ። የሁለተኛው መቶ ዶላር በ1928 የወረቀቱን አንድ ሦስተኛ ብቻ ሲገዛለት፥ በ1932 ግን ከአንድ ወረቀት ተኩል በላይ ገዛለት። በድምሩ 5.30 ያህል ወረቀት ሰበሰበ። በ1936 መጨረሻ ዋጋው 179.90 በሆነ ጊዜ የፊተኛው 360 ዶላር፥ ሁለተኛው 953 ዶላር ያህል ነበራቸው።

የከፋፍሎ መግዛት ደጋፊዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የስድስቱ ዋጋዎች አማካይ 158.47 ሲሆን፥ ሁለተኛው ሰው ለአንድ ወረቀት በአማካይ የከፈለው ግን 113.28 ብቻ ነው። እኩል ገንዘብ በርካሽ ጊዜ ብዙ፥ በውድ ጊዜ ጥቂት ስለሚገዛ፥ የተከፈለው አማካይ ምንጊዜም ከዋጋዎቹ አማካይ ያንሳል። ይህ የሒሳብ ሕግ ነው፤ ዋጋው ቢወጣም ቢወርድም ይሠራል። ስለዚህም ትርፍን አያረጋግጥም። ይኸው ሰው በ1932 መጨረሻ፥ አምስተኛውን መቶ ዶላር እንደከፈለ፥ ያወጣው 500 ዶላር ሲሆን በእጁ ያለው ንብረት 257 ዶላር ብቻ ነበር። ሕጉ ያን ቀንም እንደተጠበቀ ነበር፤ ባለገንዘቡ ግን ግማሽ ያህሉን አጥቷል። ያተረፈው ሕጉ ስለሠራለት ሳይሆን ዋጋው ኋላ ስላንሰራራ ነው።

ዘመኑን ብንለውጥ ፍርዱ ይገለበጣል። የመዝጊያው ዋጋ በ1948 177፥ በ1949 200፥ በ1950 235፥ በ1951 269፥ በ1952 292፥ በ1953 281፥ በ1954 404 ያህል ነበር። ከ1948 እስከ 1953 መቶ መቶ ዶላር የከፈለ ሰው በ1954 መጨረሻ 1,034 ዶላር ሲኖረው፥ ስድስቱን መቶ በ1948 ባንድ ጊዜ ያዋለው 1,369 ዶላር ይኖረው ነበር። ከፋፋዩ እዚህም ቢሆን ከዋጋዎቹ አማካይ በታች ነው የገዛው፤ ነገር ግን ከ1953 በቀር በየዓመቱ የሚገዛው ካለፈው ዓመት እየተወደደ ሄዷል፤ የዘገየው ገንዘብም በመቆየቱ ያተረፈው የለም።

ከእነዚህ ሁለት ዘመናት የትኛው ይደጋገማል? ገበያው በረዥም ጊዜ ከባንክ ወለድ የበለጠ ሲያስገኝ ስለቆየ፥ እንደ 1929 ያለው ዘመን ብርቅ ነው። ቫንጋርድ የተባለው የገንዘብ ድርጅት በ2012 የአሜሪካን፥ የብሪታንያንና የአውስትራሊያን ገበያዎች መርምሮ፥ ባንድ ጊዜ መግዛት በአሥራ ሁለት ወር ከከፋፈለው ግዢ በሦስት ጊዜ ሁለቱን ያህል እንደሚበልጥ አሳይቷል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በየወሩ መጀመሪያ አሥራ ሁለተኛውን እጅ የሚያስገባ ሰው፥ ገንዘቡ በአማካይ አምስት ወር ተኩል ሥራ ይፈታል። ገበያው ከባንክ በዓመት 6 በመቶ ይበልጣል ብንል፥ የመዘግየቱ ዋጋ 2.75 በመቶ ነው።

«ይህስ ከአደጋ ለመዳን የተከፈለ ዋጋ ነው» የሚል አይጠፋም። መልሱ ግን፥ ያው ደኅንነት በርካሽ ይገኛል የሚል ነው። ከፋፋዩ በዓመቱ ውስጥ በአማካይ 54 በመቶ የሚሆነው ገንዘቡ ገበያ ላይ ነው። ሌላ ሰው 54 በመቶውን በመጀመሪያው ቀን ገዝቶ የቀረውን ባንክ ቢተው፥ የሚጠብቀው ትርፍ እኩል ይሆናል። የየወሩ የዋጋ ለውጥ ከሌላው ወር ጋር የማይያያዝ ከሆነ፥ የከፋፋዩ ውጤት የመዋዠቅ መጠን ሁሉን ባንድ ቀን ከገዛው 61 በመቶ ሲሆን፥ የዚህኛው 54 በመቶ ብቻ ነው። የከፋፋዩ ገንዘብ በመጀመሪያው ወር ጥቂት፥ በመጨረሻው ወር ሙሉ ስለሆነ፥ የዓመቱ ዕድል በመጨረሻዎቹ ወራት ላይ ይንጠለጠላል። ጆርጅ ኮንስታንቲኒዲስ በ1979 ባሳተመው ጥናት፥ ከፋፍሎ መግዛት ከሁሉ የሚመረጥ መንገድ እንዳልሆነ በሒሳብ አስረድቷል።

እንግዲህ ክርክሩ ሲደበላለቅ የኖረው፥ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ሰዎች ስላሉ ነው። ውርስ ወይም የጡረታ ገንዘብ ባንድ ቀን የደረሰው ሰው ምርጫ አለው፤ ሒሳቡም ዘወትር መከፋፈልን አይደግፍለትም። የሚፈራ ከሆነ የሚገዛውን መጠን ይቀንስ እንጂ ቀኑን አይግፋ። የራስኮብ ወጣት ግን ሌላ ነው። ገና ያልተከፈለውን ደመወዝ ባንድ ጊዜ ሊያውል አይችልምና፥ በየወሩ መግዛቱ ምርጫ ሳይሆን ኑሮው የሰጠው መንገድ ነው። ለዚህ ሰው የሚያሰጋው የዋጋው መውደቅ ሳይሆን የክፍያው መቋረጥ ነው። በ1933 ከአሜሪካ ሠራተኞች ከአራቱ አንዱ ያህል ሥራ አልነበረውም። ከላይ ያየነው ሰው በ1930 ሦስተኛውን መቶ ከከፈለ በኋላ ሥራውን አጥቶ ቢያቆም ኖሮ፥ 300 ዶላሩ በ1936 መጨረሻ 242 ዶላር ብቻ ይሆን ነበር። መላውን ትርፍ ያስገኙለት፥ በ1931፥ በ1932 እና በ1933 የተከፈሉት መቶ መቶ ዶላሮች ናቸው፤ እነዚያም ዓመታት ደመወዝ የጠፋባቸው ዓመታት ነበሩ።

ግራሃም ያገኘው 8,500 ዶላር እንግዲህ እውነተኛ ሒሳብ ነው፤ ነገር ግን ሃያ ዓመት ሙሉ አንድም ወር ደመወዙ ላልተቋረጠበት ሰው ብቻ ነው። በዘዴው የሚታመን ሠራተኛ ከአክሲዮኑ ዋጋ አስቀድሞ፥ ለክፉ ቀን በባንክ ያኖረው ገንዘብ ክፍያውን ስንት ወር ሊያስቀጥልለት እንደሚችል ይቍጠር።