የጎማ አየር መቆጣጠሪያ መብራት፦ ጎማ ከተነፋ ወይም ቦታ ከተለዋወጠ በኋላ ምን ይደረጋል?

በመኪና ዳሽቦርድ ላይ የፈረስ ጫማ በሚመስል ቅርጽ መካከል ቃለ አጋኖ ያለበት ቢጫ መብራት ሲበራ፣ ቢያንስ ከጎማዎቹ የአንዱ አየር እንደ ቀነሰ ያመለክታል። መብራቱን የሚያዘው የጎማ አየር ግፊት መቆጣጠሪያ ሥርዓት ይባላል። በፒያሳና በአራዳ አካባቢ ባሉ ጎሚስታዎች ዘንድ ጎማ ካስነፉ ወይም የፊቱን ከኋላው ካስለዋወጡ በኋላ ይህን መብራት ለማጥፋት ብቻ ቁልፍ የሚጫኑ አሽከርካሪዎች አሉ። ቁልፉ ግን አየር አይሞላም፤ አየር አይለካምም። በአንድ ዓይነት ሥርዓት ላይ የሚያደርገው ነገር ቢኖር “አሁን ያለው አየር ልክ ነው” ብሎ ለመኪናው መንገር ነው። ስለዚህ ቁልፉ ሳይለኩ ከተጫነ መቆጣጠሪያው የጎደለውን ጎማ እንደ ጤነኛ ይቀበለዋል።

ሥርዓቱ በአሜሪካ በሕግ ግዴታ ወደ መሆን የመጣው እ.ኤ.አ. በ2000 የፋየርስቶን ጎማዎች እየተቀደዱ ብዙ ሰው የሞተባቸው አደጋዎች ከደረሱ በኋላ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከ2014 ጀምሮ በአዳዲስ የቤት መኪኖች ሁሉ ላይ አስገዳጅ አድርጎታል፤ ቻይናም ተከትላለች። በአገራችን በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች አብዛኞቹ ይህ ሥርዓት ያላቸው በመሆናቸው፣ ጉዳዩ ቀድሞ ከነበረው ይልቅ ብዙ ባለንብረቶችን ይመለከታል።

ሁለቱ ዓይነቶች

ቀጥተኛ የሚባለው ሥርዓት በእያንዳንዱ ጎማ ውስጥ፣ ብዙውን ጊዜ አየር ከሚሞላበት ቫልቭ ጋር ተያይዞ ቸርኬው ላይ የተቀመጠ ትንሽ ሴንሰር አለው። ሴንሰሩ የጎማውን አየር ራሱ ለክቶ በሬዲዮ ሞገድ ወደ መኪናው ይልካል። የራሱ ባትሪ ያለው ሲሆን፣ ባትሪው ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ያህል ያገለግላል፤ ሲያልቅም አብዛኛውን ጊዜ ሴንሰሩ በሙሉ ይቀየራል።

ቀጥተኛ ያልሆነው ሥርዓት በጎማው ውስጥ ምንም የለውም። ለኤ.ቢ.ኤስ ፍሬን ተብለው በአራቱም እግሮች ላይ የተተከሉት የፍጥነት ሴንሰሮች የሚያመጡትን መረጃ ይጠቀማል። አየር የጎደለው ጎማ ስለሚተኛ ዙሪያው በጥቂቱ ያንሳል፤ ዙሪያው ያነሰ ጎማ ደግሞ ያንኑ መንገድ ለመሄድ ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ ጊዜ ይዞራል። ሥርዓቱ ይህን ልዩነት አይቶ አየር መቀነሱን ይገምታል። አዳዲሶቹ የጎማውን ንዝረትም ይመረምራሉ።

የትኛው ዓይነት እንደ ተገጠመ ለማወቅ ዳሽቦርዱን ማየት ብዙ ጊዜ ይበቃል። የእያንዳንዱን ጎማ አየር በቁጥር የሚያሳይ ከሆነ ቀጥተኛ ነው። ቁጥር ሳያሳይ መብራት ብቻ ካለው ግን በዚህ ብቻ መወሰን አይቻልም፤ ሁለቱም ሊሆን ስለሚችል የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ማየት ይገባል።

ቁልፉ የሚያሳስትበት አጋጣሚ

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ቀጥተኛ ያልሆነ ሥርዓት ያለው የቤት መኪና አለ። በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ለአራቱም ጎማዎች 33 ፒ.ኤስ.አይ ያዛል። ባለቤቱ ወደ ባሕር ዳር ለመጓዝ አስቦ ጎማዎቹን ያስለዋውጣል። ሦስቱ ጎማዎች 33 አላቸው፤ አራተኛው ግን ትንሽ ሚስማር ስለ ወጋው ቀስ እያለ ወርዶ 24 ላይ ደርሷል። ማንም አልለካውም። መብራቱ ስለ በራ ባለቤቱ ቁልፉን ይጫናል፤ መብራቱም ይጠፋል።

ከዚህ በኋላ ሥርዓቱ የሚያውቀው አራተኛው ጎማ በ24 እንደሚዞር ነው። ይህን ዓይነት ሥርዓት የሚያስጠነቅቀው አየር ከተመዘገበው ልክ ከአምስት አንድ እስከ አራት አንድ ያህል ሲቀንስ ነው። ከ24 ተነሥቶ ሲቆጠር መብራቱ እንደገና የሚበራው አየሩ 18 ወይም 19 ሲደርስ ይሆናል። መኪናው ሰውና ዕቃ ጭኖ ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ፣ አየር ያነሰው ጎማ ጎኑ እየታጠፈ ይሞቃል። ሙቀቱ የውስጡን ክር ከላስቲኩ ያላቅቀዋል፤ ጎማውም በድንገት ሊፈነዳ ይችላል።

ቀጥተኛው ሥርዓት ቢሆን ኖሮ ሴንሰሩ 24 ብሎ ስለሚልክ ችግሩ በቁጥር ይታይ ነበር። ይሁን እንጂ አንዳንድ ቀጥተኛ ሥርዓቶችም የማስጠንቀቂያውን ወለል ቁልፉ ሲጫን ካለው አየር እንዲነሡ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ መጀመሪያ መለካት፣ ቀጥሎ ቁልፉን መጫን የሚለው ቅደም ተከተል ለሁለቱም ይሠራል።

ቀጥተኛ ያልሆነውን እንደ አዲስ ማላመድ

ይህ ዓይነት ጎማ በተነፋ፣ በተለዋወጠ ወይም በተቀየረ ቁጥር እንደ አዲስ መላመድ አለበት። ጎማ ማለዋወጥም የሚጨመርበት ምክንያት ያለቀ ጎማ ዙሪያው ካላለቀው ስለሚያንስ ነው። የፊቱ ወደ ኋላ ሲሄድ ሥርዓቱ በዚያ እግር ላይ የለመደው የአዟዟር ልክ ይለወጣል፤ አየር ሳይጎድልም ማስጠንቀቂያ ሊሰጥ ይችላል።

1. ጎማው ሲቀዘቅዝ ይለካ። ቀዝቃዛ የሚባለው መኪናው ቢያንስ ሦስት ሰዓት የቆመ ወይም ከሁለት ኪሎ ሜትር ያልበለጠ የተጓዘ ሲሆን ነው።
2. አራቱም በበሩ ምሰሶ ላይ በተጻፈው ልክ ይሞሉ። በጎማው ጎን ላይ የታተመው ትልቁ ቁጥር ጎማው የሚችለው ከፍተኛ ግፊት እንጂ ለመኪናው የታዘዘ ልክ አይደለም። 2.3 `bar` ወይም 230 `kPa` የሚል ካለ ወደ 33 ፒ.ኤስ.አይ ማለት ነው።
3. መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ ማብሪያው ይከፈት፤ `SET` ወይም `TPMS` የሚል ቁልፍ ካለ መብራቱ ብልጭ ብልጭ እስኪል ድረስ ተጭኖ ይያዝ። ቁልፍ ከሌለ ከስክሪኑ የተሽከርካሪ ማስተካከያ ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። ስክሪናቸው በቻይንኛ በሆኑ መኪኖች ላይ `胎压` ማለት የጎማ ግፊት፣ `胎压复位` ማለት እንደ አዲስ ማስጀመር ነው።
4. ከዚያ መኪናው ይነዳ። ቁልፉ መማርን ያስጀምራል እንጂ አይጨርስም። እንደ ስሪቱ ከ20 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት የሚደርስ ጉዞ ያስፈልጋል።

በአራተኛው ላይ የፒያሳ አሽከርካሪ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። በመጨናነቅ ውስጥ እየቆሙ መሄድ ብዙ ጊዜ እንደ ትምህርት አይቆጠርም፤ በኮብልስቶን መንገድ ላይ የሚፈጠረው ንዝረትም መረጃውን ያዛባል። አስፋልት ይዞ ሳይቆራረጥ መጓዝ ሥራውን ያፋጥነዋል። ትምህርቱ እስኪያበቃ ድረስ መብራቱ ጠፍቷል ብሎ መተማመን አይገባም።

ቀጥተኛውን ከለውጥ በኋላ ማስተካከል

ቀጥተኛው ዓይነት አየር ከተሞላለት በኋላ ብዙውን ጊዜ ሌላ ሥራ አይፈልግም። ሴንሰሩ ተኝቶ ከቆየ ጥቂት ደቂቃ ሲነዳ ይነቃና አዲሱን ቁጥር ይልካል፤ መብራቱም በራሱ ይጠፋል።

ጎማ ሲለዋወጥ ግን ጥያቄው የቦታ ይሆናል። እያንዳንዱ ሴንሰር የራሱ መለያ ቁጥር አለው፤ መኪናው ያንን ቁጥር ከአንድ እግር ጋር አያይዞ መዝግቦታል። አንዳንዱ መኪና ጥቂት ከተነዳ በኋላ አዲሱን ቦታ ራሱ ያገኛል፤ አንዳንዱ በስክሪኑ ላይ ማስተማርን ይጠይቃል፤ ሌላው ደግሞ ሴንሰሩን በየተራ የሚያነቃ መሣሪያ ያስፈልገዋል። ካልተስተካከለ ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ቦታው ይሳሳታል፤ ስክሪኑ “የፊት ግራ ቀንሷል” ሲል በእውነቱ የቀነሰው የኋላው ሊሆን ይችላል።

ይህን ያለ መሣሪያ መፈተሽ ይቻላል። ከአንዱ ጎማ፣ ለምሳሌ ከፊት ቀኙ፣ ከሦስት እስከ አራት ፒ.ኤስ.አይ ያህል አስተንፍሶ ጥቂት ነድቶ በስክሪኑ ላይ የትኛው ቁጥር እንደ ወረደ ማየት ነው። የሌላ እግር ቁጥር ከወረደ ቦታው አልተስተካከለም ማለት ነው። ከፈተና በኋላ አየሩን መልሶ መሙላት አይረሳ።

ለጎሚስታውም አስቀድሞ መናገር ይበጃል። ጎማውን ከቸርኬው ለማላቀቅ ፌሮ የሚገባው በቫልቩ አጠገብ ከሆነ ሴንሰሩ ይሰበራል። በጎማው ውስጥ ከመነዳሪ የሚገባ ከሆነም ሴንሰሩ መውጣት ስላለበት ያ እግር ከዚያ በኋላ አይለካም። መኪናው ሲነሣ መብራቱ ለአንድ ደቂቃ ያህል ብልጭ ብልጭ ብሎ ከዚያ በርቶ ከቀረ፣ ችግሩ ብዙ ጊዜ የአየር ማነስ ሳይሆን የሥርዓቱ ብልሽት ነው፤ የተሰበረ ወይም ባትሪው ያለቀ ሴንሰር፣ ወይም ሴንሰር የሌለው ስኮርታ ተገጥሞ ሊሆን ይችላል።

ብርድ፣ ሙቀትና ከፍታ

የጎማ አየር ግፊት በየ6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቅዝቃዜ አንድ ፒ.ኤስ.አይ ያህል ይወርዳል። ከሰዓት በኋላ ከመንገድ በገባና በሞቀ ጎማ ላይ 33 ያስሞላ ሰው፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ከጧቱ 12 ሰዓት ሲለካው ወደ 29 ወርዶ ሊያገኘው ይችላል። ጎማው አልተነፈሰም፤ መጀመሪያም የተሞላው ከልኩ በታች ነበር።

ከፍታም ቁጥሩን ይለውጣል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ሲወረድ የውጭው አየር ስለሚከብድ መለኪያው ከ1.5 እስከ 2 ፒ.ኤስ.አይ ያህል ዝቅ ብሎ ያሳያል፤ የበረሃው ሙቀትና የጉዞው ግለት ደግሞ መልሶ ከፍ ያደርገዋል። ደጀን ሲደረስ ሁኔታው እንደገና ይለወጣል። በመሆኑም በበረሃው መካከል ቁጥሩ ከፍ አለ ብሎ ማስተንፈስ ወይም እዚያው ቁልፉን መጫን አይገባም፤ የታዘዘው ልክ ለቀዘቀዘ ጎማ ነው።

እህል ወይም ሌላ ከባድ ዕቃ ለሚጭኑ፣ በበሩ ምሰሶ ላይ ለባዶና ለጭነት ሁለት የተለያዩ ልኮች ሊኖሩ ይችላሉ። አየሩ ለጭነት ከፍ ሲደረግ ቀጥተኛ ያልሆነው ሥርዓት እንደ አዲስ ይላመዳል፤ ጭነቱ ወርዶ አየሩ ወደ ቀድሞው ሲመለስም እንዲሁ።

በሁለቱም ዓይነት፣ መብራቱ የሚበራው አየሩ ብዙ ከጎደለ በኋላ ነው። አራቱም ጎማዎች በእኩል ቀስ እያሉ ሲወርዱ፣ ጎማን ከጎማ ጋር ብቻ የሚያነጻጽሩት የቆዩ ሥርዓቶች ጭራሽ ላያስተውሉ ይችላሉ። ስለዚህ በወር አንድ ጊዜና ከረጅም ጉዞ በፊት፣ ስኮርታውን ጨምሮ፣ ጠዋት በእጅ መለኪያ መለካት ይገባል።