ከጋለ ክርክር በኋላ ሰውነትን በፍጥነት ማረጋጋት

በሰበታ፣ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ በመሬት ይዞታ አገልግሎት መስኮት የሚሠራ ባለሙያ ከባለጉዳይ ጋር ተጋግሎ ወደ ወንበሩ ሲመለስ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ የካርታውን ቁጥርም አሳስቶ ሊጽፍ ይችላል። ከኩላሊት በላይ ያሉ ዕጢዎች የሚያመነጩት አድሬናሊን ክርክሩ ካበቃ በኋላም ለደቂቃዎች ልብን ያስሮጣልና።

ፈጣኑ መፍትሔ አወጣጡን ያረዘመ አተነፋፈስ ነው። አየር ሲወጣ የልብ ምት በተፈጥሮው ዝግ ይላል። ስለዚህ ባለሙያው ፋይሉን ዘግቶ፣ ትከሻውን ዝቅ አድርጎ፣ በአፍንጫው 4 ሰከንድ ያስገባል፣ 6 ሰከንድ ያወጣል። ይህ በደቂቃ 6 ትንፋሽ ይሆናል፤ 5 ደቂቃ ያህል መቀጠል ይበጃል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት አየሩን በኃይልና በብዛት በመሳባቸው ነው። ራስ ማዞርና የጣት መደንዘዝ ከተሰማ አተነፋፈሱ በዝቷል ማለት ነው፤ መጠኑን መቀነስ ይገባል። ክርክሩን በልብ እየደገሙ መተንፈስም እምብዛም አይረዳም፤ ቁጣው እንደ አዲስ ይነሣል። ይልቅ ሰከንዶቹን መቁጠር ሐሳብን ይይዛል።

እጁ ሲረጋ በቀላል ሥራ፣ ለምሳሌ ፋይል በማስተካከል፣ ቢጀምር ይመረጣል፤ ቁጥር የሚጻፍበት ሰነድ ጥቂት ይቆይ። የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለ ግን ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።