የጆርናል ጽሑፍ የአንድ ገጽ ሂሳዊ ማጠቃለያ

የአንድ ገጽ ሂሳዊ ማጠቃለያ አንድ ሬዚደንት ወይም የሕክምና ተማሪ የታተመ ጥናት አንብቦ፣ መዝኖ፣ ለትምህርት ክፍሉ ሴሚናር የሚያዘጋጀው ጽሑፍ ነው። ጥናቱ ምን እንደጠየቀ፣ እንዴት እንደተሠራ፣ ምን እንዳገኘ፣ የቱ ላይ እንደሚጠነክርና የቱ ላይ እንደሚሳሳ፣ በመጨረሻም አልጋ ላይ ለተኛው በሽተኛ ምን እንደሚፈይድ ይናገራል። ሐኪሞች መድረኩን ጆርናል ክለብ ይሉታል። ልማዱን በሥርዓት የጀመረው ካናዳዊው ሐኪም ዊልያም ኦስለር በ1875 እ.ኤ.አ. ሞንትሪያል በሚገኘው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ እንደሆነ ይነገራል።

ይህ ዓይነቱ ጽሑፍ በአብዛኛው የሚበላሸው የጥናቱን አጭር መግለጫ ገልብጦ ሲቀርብ ነው። አጭር መግለጫው የአጥኚዎቹ ድምፅ ነው፤ ማጠቃለያው ግን የአንባቢው ሚዛን መሆን አለበት። ልዩነቱ በምሳሌ ካልታየ አይጨበጥም። ለአዲስ አበባ ሐኪም ደግሞ እዚሁ ከተማ ከተሠራ ጥናት የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ጥናቱ በነሐሴ 1996 እ.ኤ.አ. (ሐምሌ 1988 ዓ.ም.) በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን የወጣ ሲሆን የመጀመሪያው ጸሐፊ ዳንኤል ፈቃደ ነው፤ ከጸሐፊዎቹ መካከል የኦክስፎርዱ ዴቪድ ዋረል ይገኝበታል። ርዕሰ ጉዳዩ በሰውነት ቅማል የሚተላለፈው ግርሻ ትኩሳት ነው። በሽታው የሚይዘው ልብስ ለመቀየርና ገላ ለመታጠብ ዕድል ያጡ፣ በብርዱና በክረምቱ ተጠጋግተው የሚያድሩ ሰዎችን ነው፤ በብዛትም ከገጠር ለቀን ሥራ የመጡ ወጣቶችን፣ ጎዳና አዳሪዎችንና እስረኞችን። ስለዚህ አራዳ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ በራስ ደስታ ዳምጠው ወይም በየካቲት 12 ሆስፒታል የሚሠራ ሐኪም ይህን ጥናት የሚያነበው እንደ ሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ፒያሳ በረንዳ ላይ ያደረ ልጅ ትኩሳትና ራስ ምታት ይዞት ቢመጣ የደም ስላይዱ ላይ ቦሬሊያ የተባለችው ጥምዝምዝ ባክቴሪያ ትታይ እንደሆነ መፈለግ ያለበት እሱ ነው።

የግርሻ ትኩሳት አስቸጋሪነት ከሕክምናው ጋር አብሮ ይመጣል። ፔኒሲሊን ወይም ቴትራሳይክሊን ባክቴሪያዋን ከደም ሲያጠፋ በሽተኛው በሰዓታት ውስጥ ክፉኛ ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ይንራል፣ ልቡ ይፈጥናል። ይህ የያሪሽ ሄርክስሃይመር ሪአክሽን ይባላል። መጀመሪያ የመንቀጥቀጥ ምዕራፍ አለ፤ በዚያ ሰዓት የደም ግፊት ከፍ ይላል። ቀጥሎ ሰውነት የሚግልበትና የሚያልብበት ምዕራፍ ይመጣል፤ ያን ጊዜ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ግፊት ይወርዳል፣ በሽተኛውም ሊሞት ይችላል። ይህን የምዕራፍ ቅደም ተከተል ልብ ይሏል፤ የጥናቱን ትልቁን ድክመት የሚያሳየን እሱ ነው።

የአጥኚዎቹ ጥያቄ ግልጽ ነበር። በ1992 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናት ቲኤንኤፍ አልፋ የተባለው የሰውነት መቆጣት መልእክተኛ በዚህ ሪአክሽን ጊዜ በደም ውስጥ እንደሚጨምር አሳይቶ ነበር። ታዲያ ይህን ፕሮቲን ፔኒሲሊን ከመሰጠቱ በፊት በፀረ እንግዳ አካል ብንይዘው ሪአክሽኑ ይቀራል ወይ? በሽታቸው የተረጋገጠ 49 ሰዎች በዕጣ ተመደቡ፤ 20ዎቹ ከበግ የተዘጋጀውን ፀረ ቲኤንኤፍ፣ 29ኙ ፕላሴቦ ወሰዱ። ማን የቱን እንደወሰደ በሽተኛውም ሐኪሙም አያውቅም ነበር። ፀረ እንግዳ አካሉን ከወሰዱት 20 ሰዎች 10ሩ፣ ፕላሴቦ ከወሰዱት 29 ደግሞ 26ቱ ሪአክሽን ገጠማቸው። የፒ ዋጋው 0.006 ነው። አማካይ የሙቀት ጭማሪው በመጀመሪያው ቡድን 0.8፣ በሁለተኛው 1.5 ዲግሪ ሴልሲየስ ሆነ።

ብዙ ማጠቃለያ የፒ ዋጋውን ጽፎ እዚህ ላይ ያበቃል። ጥሩ አንባቢ ግን እርሳስ ያነሣል። 26 ለ29 ሲካፈል 90 በመቶ ግድም ነው፤ 10 ለ20 ደግሞ 50 በመቶ። ልዩነቱ 40 በመቶ ይሆናል፤ ይህም ማለት አንድ ሪአክሽን ለማስቀረት ሦስት ሰው ገደማ ማከም በቂ ነው። ጥቂት ሰዎች ብቻ ስለተጠኑ ግን የዚህን ልዩነት 95 በመቶ የመተማመኛ ክልል ማስላት ያስፈልጋል፤ ከ15 እስከ 64 በመቶ ይዘረጋል። እንግዲህ እውነተኛው ቁጥር ሁለት ሰው ማከምም ሊሆን ይችላል፣ ሰባትም። መድኃኒቱ እንደሚሠራ ጥናቱ አሳምኖናል፤ የሥራውን መጠን ግን በቅጡ አልለካልንም። ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ገጹ ላይ ካለ ሴሚናሩ ላይ የሚነሡት ግማሽ ጥያቄዎች ተመልሰዋል።

ጠንካራ ጎኖቹን ስንጽፍ «በዕጣ የተመደበ፣ ድርብ ዕውር» ብሎ መዘርዘር አይበቃም፤ ለዚህ ጥናት ለምን እንደጠቀመ መናገር ይገባል። መንቀጥቀጥን የሚፈርደው ተመልካች ነው። ነርሱ ወይም ሐኪሙ በሽተኛው መድኃኒቱን እንደወሰደ ቢያውቅ ቀለል ያለውን መንቀጥቀጥ ሊያልፈው ይችል ነበር፤ ስለዚህ መደበቁ እዚህ ላይ ዋጋው ከፍ ያለ ነው። ሁለተኛው ጥንካሬ የሰዓቱ ምቹነት ነው። በሌሎች ከባድ ኢንፌክሽኖች በሽተኛው ሆስፒታል ሲደርስ ቲኤንኤፉ ተለቅቆ ሥራውን ጀምሯል። እዚህ ግን መርፌው የሚወጋበት ደቂቃ ስለሚታወቅ አጥኚዎቹ ቀድመው መድረስ ቻሉ። ሦስተኛው ሰንሰለቱ መያያዙ ነው፤ ፀረ እንግዳ አካሉን በወሰዱት ላይ ኢንተርሊዩኪን 6 እና ኢንተርሊዩኪን 8 የተባሉት ሌሎች መልእክተኞችም ዝቅ ብለው ተገኝተዋል። በክሊኒክ የታየውና በላቦራቶሪ የተለካው ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሄዱ ውጤቱ በአጋጣሚ የመጣ ነው ማለት ይከብዳል።

ደካማ ጎን ላይ ለጀማሪ ቶሎ የሚታየው 20 እና 29 አለመመጣጠናቸው ነው። ብዙ ተማሪ ይህን ሲያይ ዕጣው ተበላሽቷል ብሎ ይጽፋል። ፍርዱ ከመሰጠቱ በፊት ማስላት ይሻላል። 49 ጊዜ ሳንቲም ቢወረወር ይህን ያህል ወይም ከዚህ የባሰ መዛባት ከአራት ጊዜ በአንዱ ይከሰታል። ስለዚህ ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይወነጅልም፤ መታየት ያለበት ዕጣው እንዴት እንደወጣ፣ ማን እንደያዘውና ሁለቱ ቡድኖች ሲጀምሩ በሕመም ክብደት ይመሳሰሉ እንደነበር ነው። ማንኛውንም ድክመት የሚጠቅስ ሰው ያ ድክመት ውጤቱን ወደ የት እንደሚገፋው አብሮ ካልጻፈ ነቀፋው ባዶ ነው። «ናሙናው ትንሽ ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ለሺህ ጥናት ይሆናል፤ ለዚህ ጥናት የሚሆነው ቀጥሎ ያለው ነው።

ትንሹ ናሙና ስለ ሪአክሽን መናገር ችሏል፤ ስለ ሞት ግን ምንም ሊል አይችልም። ታክመው የሚሞቱት 5 በመቶ ናቸው ብለን ብንነሣና መድኃኒቱ ይህን በግማሽ ቢቀንስ፣ ልዩነቱን በተለመደው 80 በመቶ ኃይል ለማየት በየቡድኑ 900 ያህል ሰው ያስፈልጋል። ከዚህ የሚብሰው ግን የተለካው ነገር ራሱ ነው። ጥናቱ በኩራት ከሚያቀርባቸው ልዩነቶች አንዱ የሲስቶሊክ ደም ግፊት ጭማሪ በፕላሴቦው ቡድን 25፣ በመድኃኒቱ ቡድን 15 ሚሊሜትር ሜርኩሪ መሆኑ ነው። ጭማሪው የመንቀጥቀጡ ምዕራፍ ነው። የሚገድለው ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣው የግፊት መውረድ ነው። አንባቢው ሁለቱን ምዕራፎች ካላወቀ ይህን ቁጥር እንደ ደኅንነት ማስረጃ ይወስደዋል፤ በእኔ ዕይታ የማጠቃለያው ዋና አገልግሎት ይህን መለየት ነው።

የአጥኚዎቹ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር መድኃኒቱ ለሌሎች የሴፕሲስ ዓይነቶችም ሊጠቅም ይችላል ይላል። ከላይ የጠቀስነው የሰዓት ምቹነት እዚህ ላይ ተቃራኒ ይሆናል፤ ተራው የሴፕሲስ በሽተኛ ሐኪሙን ቀጠሮ ይዞ አይጠብቀውም። በ1998 እ.ኤ.አ. ከ1,800 በላይ የሴፕቲክ ሾክ በሽተኞች ላይ የታተመ ሌላ ትልቅ ጥናት በሌላ ዓይነት ፀረ ቲኤንኤፍ የመትረፍ ዕድል እንዳልተሻሻለ አሳይቷል። ማጠቃለያው አጥኚዎቹን በዚህ መውቀስ የለበትም፤ ግን ከተጠናው በላይ የተዘረጋውን ድምዳሜ ለይቶ ማሳየት አለበት።

ክሊኒካዊ ፋይዳው የሚጻፈው በገጹ ታች በመሆኑ ብዙ ጊዜ ችኮላ ያጠፋዋል። «መድኃኒቱ በአገራችን ስለማይገኝ ጥናቱ አይጠቅመንም» የሚል ማጠቃለያ ከጥናቱ ግማሹን ብቻ ያነበበ ሰው ነው የጻፈው። ከበግ የተዘጋጀው ፀረ ቲኤንኤፍ በአዲስ አበባ ዋርዶች የተለመደ ሕክምና አልሆነም፤ እውነት ነው። ለዋርዱ የሚሆነው ቁጥር ያለው ግን ፕላሴቦ በወሰደው ቡድን ነው፤ ልዩ ጥበቃ ሳያገኙ ፔኒሲሊን ከተወጉ 29 ሰዎች 26ቱ ሪአክሽን አይተዋል። ከአሥሩ ዘጠኙ ማለት ነው። ስለዚህ ግርሻ ትኩሳት ያለበትን ሰው በተመላላሽ ክፍል ወግቶ መሸኘት አይገባም። መርፌው ከመሰጠቱ በፊት የደም ሥር መስመር ይከፈታል፣ ፈሳሽ ይዘጋጃል፤ ከተወጋ በኋላ ሙቀት፣ የልብ ምትና ግፊት በየጊዜው ይለካሉ፤ መንቀጥቀጡ ሲያልፍ ነርሷ «ተሻለው» ብላ አትሄድም፣ ግፊቱ የሚወርድበት ሰዓት ገና ነውና። በሽተኛው ቀና ሲል ሊወድቅ ስለሚችል ቢያንስ ለአንድ ቀን ከአልጋው እንዳይነሣ ይደረጋል። ልብሱ ይቀቀላል ወይም በሌላ ይቀየራል፤ ቅማሉ ካልጠፋ ያንኑ ሰው ወይም አጠገቡ የሚያድረውን መልሶ ማየት አይቀርም።

ይህ ሁሉ በአንድ ገጽ የሚገባው ቦታው በትክክል ሲከፋፈል ነው። ጥያቄውና መንገዱ ከሩብ ገጽ ባይበልጡ ይመረጣል፤ ሰሚው ጥናቱን በእጁ ይዟል። ውጤቱ በሦስት ዓረፍተ ነገር፣ ከእነ ስሌቱ ይበቃዋል። የቀረው ቦታ ለሚዛኑና ለፋይዳው ነው፤ ድክመቶቹም ሁለት ወይም ሦስት ሆነው እያንዳንዱ ውጤቱን ወደየት እንደሚገፋ ቢያብራሩ ስምንት ሆነው ከሚደረደሩት ይበልጣሉ።