«ቀስ በቀስ»፦ ባርነትን ያቆዩ ሦስት ሙግቶች

ጊዜው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2 ቀን 1792 ነው፤ ቦታው ለንደን፣ የእንግሊዝ ፓርላማ። የባሪያ ንግድ ይቁም የሚሉ 519 አቤቱታዎች ከየከተማው ጎርፈዋል። ዊልያም ዊልበርፎርስ ንግዱ እንዲታገድ ጥያቄ አቅርቧል። ክርክሩ ምሽቱን አልፎ እስከ ንጋት ዘለቀ። በመካከሉ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሄንሪ ዳንዳስ ተነሣና በሐሳቡ እንደሚስማማ ተናገረ፤ ነገር ግን አንዲት ቃል እንድትጨመር ጠየቀ። ቃሏ «ቀስ በቀስ» የምትል ነበረች። የተሻሻለው ሐሳብ በ230 ድምፅ በ85 ላይ አለፈ። ንግዱ በ1796 እንዲቆም ቀን ተቆረጠለት። የመኳንንቱ ምክር ቤት ግን ጉዳዩን ገና ልመርምረው ብሎ አዘገየው፣ ቀኑም እንደዋዛ አለፈ። ንግዱን የሚያግደው ሕግ የጸደቀው ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ1807 ነው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ መርከቦቹ ሰው እየጫኑ አትላንቲክን ሲያቋርጡ ነበር።

ዛሬ ባርነት ትክክል ነበር ብሎ የሚከራከር ሰው የለም። ስለዚህ የዚያን ዘመን ሙግቶች ያለ ስሜት መመርመር ይቻላል። የባሪያ ንግድ ጠበቆች ሁሉም ጨካኝ ወይም ሞኝ አልነበሩም። ብዙዎቹ የተማሩና በየሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙ ነበሩ። የቆሙባቸው ሦስት ሙግቶች ደግሞ ዛሬም በጋብቻ፣ በቋንቋ፣ በሃይማኖትና በፖለቲካ ክርክር ውስጥ በየቀኑ የሚሰሙ ናቸው፦ «ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው»፣ «ተፈጥሮው ነው» እና «ዛሬ ይህን ከፈቀድን ነገ እንጠፋለን»።

በመጀመሪያው እንጀምር። በ1788 ሬይመንድ ሃሪስ የተባለ የሊቨርፑል ቄስ ባርነት በመጽሐፍ ቅዱስ የተፈቀደ ነው የሚል ጽሑፍ አሳተመ። የእስራኤል አባቶች ባሪያ ነበራቸው፤ ሕጉም ስለ ባሪያ አያያዝ ደንግጓል፤ ታዲያ አሁን ማን ነው የሚከለክለው? የሊቨርፑል ከተማ አስተዳደር ለዚህ ሥራው 100 ፓውንድ ሸለመው። ሊቨርፑል በዚያ ጊዜ የእንግሊዝ ዋና የባሪያ ንግድ ወደብ እንደነበረች ላወቀ ሰው ሽልማቱ አይገርመውም።

የዚህ ሙግት ስሕተት የሐሰት ማስረጃ ማቅረቡ አይደለም። ባርነት በእርግጥም ጥንታዊ ነበር፤ ግሪክም ሮምም ኖረውበታል። ስሕተቱ ያለው «ኖሯል» ከሚለው ተነሥቶ «ትክክል ነው» ወደሚለው ሲዘል ነው። የአንድ ልማድ ዕድሜ የሚያስረዳው ልማዱ መቆየት መቻሉን ብቻ ነው። እርግጥ ረጅም ዕድሜ ምንም ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ብዙ ትውልድ የፈተነው ነገር እኛ ያልታየን ጥቅም ሊኖረው ይችላል፤ ስለዚህ ከመጣሉ በፊት ለምን እንደቆየ መጠየቅ ያስፈልጋል። ነገር ግን ጥያቄው «ለማን ጠቀመ? ሸክሙን የተሸከመውስ ሰው ተጠይቋል?» እስከሚለው ድረስ መሄድ አለበት። ባሪያው ባልተጠየቀበት ቤት የጌታው ልማድ የሁሉም ልማድ ተደርጎ ሊቆጠር አይችልም።

ሁለተኛው ሙግት የተፈጥሮ ነው። በጃማይካ የእርሻ ባለቤት የነበረው ኤድዋርድ ሎንግ በ1774 ባሳተመው የጃማይካ ታሪክ ጥቁሮችን ከሌላው ሰው የተለየ፣ ዝቅ ያለ ፍጥረት አድርጎ አቀረበ። የሚያሳየው «ማስረጃ» በባርነት ያሉ ሰዎች ያልተማሩና የተዋረዱ መሆናቸው ነበር። መጀመሪያ ትምህርትን ይነፍጓቸዋል፣ ከዚያ አለመማራቸውን ተፈጥሯቸው ነው ይላሉ።

ለዚህ ጠንካራውን መልስ የሰጠው በዚያው የ1792 ሌሊት የተናገረው ጠቅላይ ሚኒስትር ዊልያም ፒት ነው። ፒት ዳንዳስ ወዳጁና የካቢኔ ባልደረባው ቢሆንም «ቀስ በቀስ»ን ተቃውሞ ቆመ። የመልሱ ይዘት ይህ ነበር፦ በጥንት ዘመን ከብሪታንያ የተያዙ ሰዎች በሮም ገበያ ይሸጡ ነበር። በዚያ ጊዜ አንድ የሮም ሹም ወደ ብሪታንያውያን እያመለከተ «እነዚህ ተፈጥሮ ከሰው በታች ያደረገቻቸው፣ ለሌላው ባሪያ እንዲሆኑ የተፈጠሩ ናቸው» ቢል ኖሮ፣ ዛሬ ስለ አፍሪካውያን የሚባለው ሁሉ ያኔ ስለ እንግሊዛውያን ሊባል በቻለ ነበር። ያ ሹም ተሳስቷል ካላችሁ፣ እናንተም በዚያው ሚዛን ተሳስታችኋል።

የፒት መልስ ብልኅነቱ ስለ ተፈጥሮ ሌላ ንድፈ ሐሳብ አለማምጣቱ ነው። ያደረገው ተቃዋሚዎቹ የያዙትን ሚዛን በራሳቸው ላይ ማስቀመጥ ነው። «ተፈጥሮ» የሚለው ቃል ደግሞ ለማንም የሚያገለግል ነው። በኢትዮጵያ ለዘመናት ሲሠራበት የኖረው ፍትሐ ነገሥት ራሱ የሰው ልጅ ሁሉ በተፈጥሮ ሕግ ነፃ ነው ይላል፤ ወዲያው ግን ጦርነት ድል የተነሣውን የአሸናፊው ባሪያ እንደሚያደርገው ይደነግጋል። አንዱ ተፈጥሮን ጠርቶ ባርነትን ሲያጸድቅ፣ ሌላው ተፈጥሮን ጠርቶ ነፃነትን ያውጃል፣ ሦስተኛው ተፈጥሮን አክብሮ ባርነትንም ይፈቅዳል። በሽታም ተፈጥሯዊ ነው፤ መድኃኒት ሰው ሠራሽ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ተፈጥሯዊ ነው ከተባለ በኋላ «እና መልካም ነው?» የሚለው ጥያቄ ገና አልተመለሰም።

ሦስተኛው ሙግት ከሁለቱ ይከብዳል፤ ምክንያቱም አንዳንድ ጊዜ እውነት ሊሆን ይችላል። ሰንሰለቱ እንዲህ ይሄዳል፦ የባሪያ ንግዱ ከቆመ መርከበኞች የሚሠለጥኑበት ሥራ ይጠፋል፤ መርከበኛ ከጠፋ የባሕር ኃይሉ ይዳከማል፤ ባሕር ኃይሉ ከተዳከመ እንግሊዝ በፈረንሳይ እጅ ትወድቃለች። በሌላ በኩል፣ ባሪያዎች ነፃ ከወጡ ሥራ ያቆማሉ፣ ከዚያ ይዘርፋሉ፣ ከዚያ ጌቶቻቸውን ይፈጃሉ። ለዚህኛው ማስረጃ የሚጠቀሰው በ1791 በፈረንሳይ ቅኝ ግዛት በሳን ዶማንግ፣ በዛሬዋ ሄይቲ፣ የተነሣው የባሪያዎች አመፅ ነበር።

እንዲህ ያለውን ሙግት «ማስፈራሪያ ነው» ብሎ መጣል ራሱ ስሕተት ነው። ትክክለኛው መንገድ ሰንሰለቱን ቀለበት በቀለበት መፈተሽ ነው። ቶማስ ክላርክሰን ያደረገው ይህንኑ ነው። በ1787 ወደ ብሪስቶልና ሊቨርፑል ሄዶ የመርከቦቹን የሠራተኞች መዝገብ አገላበጠ። ስንት መርከበኛ ተሳፈረ፣ ስንቱ ሞተ፣ ስንቱ ተመለሰ ብሎ ስም በስም ቆጠረ። ያገኘው ውጤት የመጀመሪያውን ቀለበት በጠሰው። የባሪያ ንግዱ መርከበኛ ማሠልጠኛ ሳይሆን የመርከበኛ መቃብር ነበር፤ በበሽታና በበደል ከሌላው የባሕር ንግድ ሁሉ የበለጠ ሠራተኛ ይሞትበት ነበር። የሳን ዶማንግንም ጉዳይ ቢሆን አመፁ የተነሣው ባርነት ከቀረ በኋላ ሳይሆን ባርነት በተጧጧፈበት ቦታ ነበር።

«ነፃ ከወጡ ይፈጁናል» የሚለው ደግሞ ከ40 ዓመት በኋላ በተግባር ተፈተነ። በ1833 እንግሊዝ በቅኝ ግዛቶቿ ባርነትን የሚሽር ሕግ አወጣች። ለጌቶች 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ ተመደበ፤ ለባሪያዎቹ ግን ምንም አልተመደበም። እንዲያውም ሕጉ ከኦገስት 1 ቀን 1834 ጀምሮ ሲጸና «እስኪለምዱ» ተብሎ የእርሻ ሠራተኞቹ ለተጨማሪ ስድስት ዓመት ለቀድሞ ጌቶቻቸው በግዴታ እንዲሠሩ ተደነገገ። አንቲጓ የተባለችው ትንሽ ደሴት ግን ይህን የመሸጋገሪያ ጊዜ ትታ 29,000 ያህል ሰዎችን በአንድ ሌሊት ነፃ አወጣች። የተፈራው ዕልቂት አልመጣም። ሰዎቹ ሌሊቱን በየጸሎት ቤቱ አሳለፉ፤ ጥቂት ቆይተውም በደመወዝ ወደ ሥራ ተመለሱ። ችግር የበዛው «ቀስ በቀስ» በተባለባቸው ደሴቶች ነበር፤ የመሸጋገሪያው ሥርዓትም ጊዜውን ሳይጨርስ በ1838 ተሻረ።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የአንቲጓ ጌቶች ይህን ያደረጉት ከደግነት ብቻ አልነበረም። ደሴቷ ጠባብ፣ መሬቷም ሁሉ የተያዘ ስለነበረ ነፃ የወጣው ሰው ከእነርሱ እርሻ ውጭ መሄጃ እንደሌለው ያውቁ ነበር። ፈተናው ያረጋገጠው ነፃነት ዕልቂት እንደማያመጣ ነው፤ ድህነትን እንደሚያጠፋ አላረጋገጠም።

የባርነት ተቃዋሚዎችም ከስሕተት ነፃ አልነበሩም። አንዳንዶቹ «ነፃ ሠራተኛ ከባሪያ ይልቅ ርካሽና ትርፋማ ነው፤ ስለዚህ ማንም አይጎዳም» እያሉ ያሳምኑ ነበር። ከ1838 በኋላ ግን የጃማይካ የስኳር ምርት አሽቆለቆለ። የነፃነት ክርክር የቆመው በስኳር ትርፍ ላይ ቢሆን ኖሮ በዚያው በወደቀ ነበር። ግን ምርቱ መውደቁ ባርነትን ትክክል አላደረገውም። ለጥሩ ዓላማ የቀረበ ደካማ ሙግት ዓላማውን ለጠላት አሳልፎ ይሰጣል፤ ደካማ ሙግት ቀረበለት ማለት ደግሞ ዓላማው ሐሰት ነው ማለት አይደለም።

ይህ ታሪክ የለንደንና የካሪቢያን ብቻ ሆኖ አልቀረም። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነት ዋና መከራከሪያ ነበር። በዚያው ዓመት መጋቢት የወጣው ደንብ ባሪያዎችን ወዲያው ነፃ አላወጣም፤ ጌታው ሲሞት እንኳ ሰባት ዓመት መጠበቅ ነበረባቸው። የተሰጠው ምክንያት ድንገት ቢለቀቁ መተዳደሪያ አጥተው ሌባና ሽፍታ ይሆናሉ የሚል ነበር። በ1923 ዓ.ም. ሰባቱ ዓመት ወደ አንድ ዓመት ወረደ። ባርነትን ሙሉ በሙሉ የሚሽረው አዋጅ የወጣው ነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ፋሽስት ኢጣሊያ የባርነትን ጉዳይ ለወረራዋ ሰበብ አድርጋ በጄኔቫ አቀረበችው። መነሻው እውነት ነበር፤ «ስለዚህ እንውረራቸው» የሚለው ድምዳሜ ግን ከእርሱ አይወለድም።

የመተዳደሪያ ስጋቱ ከንቱ አልነበረም። ነፃ የወጣ ሰው መሬትና በሬ ከሌለው በእርግጥ ይቸገራል። ነገር ግን ከዚህ ስጋት የሚወጣው ድምዳሜ «መሬትና በሬ ይሰጠው» ሊሆን ሲገባ፣ በለንደንም በአዲስ አበባም «ባሪያ ሆኖ ይቆይ» ሆነ። ከአንድ ስጋት ሁለት መንገድ ሲወጣ የሚመረጠው ሁልጊዜ ለተናጋሪው የማያስከፍለው ከሆነ፣ እዚያ ላይ ቆም ብሎ የሚጠብቀው ማን እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። በ1792 «ቀስ በቀስ» ብለው እጃቸውን ያወጡት 230 ሰዎች፣ አንዳቸውም በመርከብ ሆድ ውስጥ ታስረው የሚጠብቁ አልነበሩም።