ተራራው ይመስክር

ፎቶግራፍ ብዙ ነገር ያሳያል እንጂ የት እንደተነሳ አይናገርም። የሚናገርለት ከሥሩ የተጻፈው መስመር ነው። መስመሩን የሚጽፈው ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ወገን አለው። በሰሜኑ ጦርነት ዓመታት አንዱ ፎቶ ጠዋት የዚህኛው ወገን ሟች፣ ማታ የዚያኛው ወገን ሟች ተብሎ ከስልክ ስልክ ሲዞር ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። «ቆቦ ነው»፣ «አይ፣ አላማጣ ነው»፣ «ኧረ ይሄ ኢትዮጵያም አይደል!» ይባላል። ክርክሩም የሚያልቀው ማን ማንን ያምናል በሚለው ነው።

እንግዲህ አንድ ፎቶ ሦስት ጥያቄ ያስነሳል፦ የት? መቼ? ማን? ከሦስቱ ማንንም ሳናምን በራሳችን ዓይን ልንፈትነው የምንችለው የመጀመሪያውን ነው። ተራራ ወገን የለውም። በምርጫ አይለወጥም፤ በጦርነትም ቦታውን አይለቅም። እንዴት እንደሚመሰክር ለማየት ግን አገሩን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ከራያ ቆላ እንጀምር።

አንድ ፎቶ በእጃችን አለ እንበል። ሜዳ ላይ ሰዎች ቆመዋል፤ ከኋላቸው ተራራ አለ፤ ከሥሩ «ቆቦ» ተብሎ ተጽፏል። የቆቦ ሜዳ በሁለት ተራራ መካከል የተነጠፈ ነው። በምዕራብ በኩል ወደ ላስታ የሚወጣው ገደላማ ደጋ አለ፤ በምሥራቅ የዞብል ተራሮች አሉ። ሆርማትና ጎሊናን የመሳሰሉት ወንዞች ከምዕራቡ ደጋ ወርደው ሜዳውን ወደ ምሥራቅ ያቋርጡታል፤ በበጋ አሸዋና ድንጋይ ብቻ ይሆናሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህ ተራራ የምዕራቡ ነው ወይስ ዞብል?» የሚለው ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ወደ ጥላ ይሮጣል። ጥላ ግን ብቻውን ያታልላል። የሰዎቹ ጥላ ወደ ተራራው አቅጣጫ ቢወድቅ ፀሐይ ከተራራው ተቃራኒ ናት ማለት ነው። ይህ ደግሞ ሁለት መልስ አለው፦ ወይ ጠዋት ነው፣ ተራራውም የምዕራቡ ነው፤ ወይ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ተራራውም ዞብል ነው። ሁለቱን የሚለይ ሌላ ምስክር ያስፈልጋል።

ምስክሩ በፎቶው ጥግ ያለ መስጊድ ሊሆን ይችላል። መካ ከቆቦ ስትታይ ማለት ይቻላል በቀጥታ በስተሰሜን ናት፤ ሁለቱ የሚገኙበት የኬንትሮስ መስመር ልዩነቱ ከሩብ ዲግሪ አይበልጥም። ስለዚህ በራያ ቆላ በትክክል የተሠራ መስጊድ ኢማሙ የሚቆምበት ሚህራብ በሰሜኑ ግድግዳ ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከውጭ ጎበጥ ብሎ ይታያል። ወደ ተራራው ፊታችንን አዙረን ስናይ ይህ ጉብታ በቀኝ በኩል ከሆነ፣ ሰሜን በቀኛችን ነው፤ እኛም የምናየው ወደ ምዕራብ ነው። ሰዓቱ ጠዋት ነበር፤ ተራራውም ዞብል አይደለም።

ጥላን በቀትር ለሚያነብም ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከሰሜን የዓለም ክፍል የመጡ መማሪያዎች «የቀትር ጥላ ሰሜንን ያመለክታል» ይላሉ። ቆቦ የምትገኘው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ፣ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በአናቷ ላይ ታልፋለች፤ አንዴ በሚያዝያ አጋማሽ፣ አንዴ በነሐሴ አጋማሽ። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባሉት አራት ወራት የቀትር ጥላ የሚወድቀው ወደ ደቡብ ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው በታኅሣሥ አጋማሽ ቀትር ላይ ወደ ሰሜን 1 ሜትር ከ20 ያህል ጥላ ይጥላል፤ በሰኔ አጋማሽ ግን ወደ ደቡብ፣ ያውም 35 ሳንቲ ሜትር እንኳ የማይሞላ። ወቅቱን ሳያውቅ በጥላ ሰሜንን የሚፈልግ ሰው ካርታውን ገልብጦ ይይዛል።

ከዚያ የጽሑፍ ሰሌዳዎች አሉ። እኔ በሙያዬ የፊደል ሰው ስለሆንኩ ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው ወደዚያ ነው፤ ነገር ግን ፊደልን ከማመን በፊት ፊደሉ በምን ላይ እንደተጻፈ መጠየቅ ይበጃል። በመኪና ሰሌዳ ላይ «አማ» ወይም «ትግ» የሚል ቢኖር መኪናው የት እንደተመዘገበ ይነግረናል እንጂ የት እንደቆመ አይነግረንም። «ራያ ቆቦ ወረዳ» የሚል ማስታወቂያ በወረዳው ውስጥ የትም ሊተከል ይችላል። ከሕንፃ ጋር የተገነባ የትምህርት ቤት ወይም የቤተ ክርስቲያን በር ጽሑፍ ግን እንደ ልብ አይዞርም። ፊደል ሌላም ጥቅም አለው፦ ፎቶው ተገልብጦ የታተመ እንደሆነ ፊደሉ የመስታወት ፊደል ይሆናል። ይህን ሳያጣራ የተራራ ጫፍ የሚያመሳክር ሰው ቀኑን ሙሉ ቢደክም አያገኘውም።

ዋናው ማስረጃ ግን የተራራው ጫፍ መስመር ነው፤ ሰማዩን የሚቆርጠው ጥርስ። በጎግል ኧርዝ ላይ ካሜራው ቆሞበታል ከሚባለው ቦታ ሆኖ ወደ ተራራው መመልከት ይቻላል። እዚህ ላይ «ይመስላል» አይበቃም። የሚፈለገው የቅርቡና የሩቁ መነባበር ነው። የቅርቡ ኮረብታ ከኋላው ካለው ጫፍ ምን ያህሉን ይሸፍናል? ካሜራው ወደ ጎን በተንቀሳቀሰ ቁጥር የቅርቡ በሩቁ ላይ ይንሸራተታል። አንድ ቤትና አንድ ጫፍ በአንድ መስመር ላይ ከዋሉ፣ ካሜራው በዚያ መስመር ላይ አለ። ሌላ ሁለተኛ ጥንድ ሌላ መስመር ይሰጣል። ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ላይ ፎቶ አንሺው ቆሞ ነበር። አንድ ነገር ግን መርሳት አይገባም፦ አሥር ነገር ገጥሞ አንድ ነገር ባይገጥም፣ ያ አንዱ በጊዜ ብዛት የሚለወጥ ካልሆነ ቦታው ያ አይደለም። ዛፍ ይቆረጣል፤ ጣሪያ ይቀየራል፤ ገደል ግን አይጠፋም።

ይህ የወረቀት ላይ ጨዋታ እንዳይመስል በአገራችን የሆነውን ላንሳ። በ2013 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ ገደማ የኢትዮጵያ ሠራዊት ልብስ የለበሱ፣ አማርኛ የሚናገሩ ሰዎች ያልታጠቁ ወንዶችን ገደል አፋፍ ላይ ሲገድሉ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ወጡ። ቦታው በአክሱም አካባቢ ያለችው ማኅበረ ደጎ ናት ተባለ። የቢቢሲ አፍሪካ አይ ከቤሊንግካት ጋር ሆኖ መረመረው፤ ሲኤንኤንና አምነስቲ ኢንተርናሽናልም ለብቻቸው ሠሩበት። የታጠቁት ሰዎች ጥላ የገደሉ አፋፍ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄድ መሆኑን አመለከተ፤ ይህም ሊፈለግ የሚገባውን ገደል ጠበበ። ከዚያ የተራራው ጥርስ፣ የደረቀው ወንዝና የዛፎቹ አቀማመጥ ከሳተላይት ምስል ጋር ተመሳከረ። መጋቢት 23 ቀን 2013 ዓ.ም. ውጤቱ ሲወጣ ቦታው ማኅበረ ደጎ አካባቢ መሆኑ ተረጋገጠ። «የት?» የሚለው ሲመለስ «ይህ ሌላ አገር ነው» የሚለው በር ተዘጋ።

ያ በር መዘጋቱ ምን እንደሚያመጣ ካሜሩን አሳይታናለች። በ2018 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ወታደሮች ሁለት ሴቶችንና ሁለት ሕፃናትን ሲገድሉ የሚያሳይ ቪዲዮ ሲወጣ መንግሥቱ በመጀመሪያ ሐሰት ነው አለ። አፍሪካ አይ ግን በተራራው ጫፍ ቦታውን አገኘ። ጊዜውንም በሌላ መንገድ ለካው፦ በበጋ ብቻ በሚታይ የእግር መንገድ፣ በአንድ ምስል ላይ ኖሮ በሌላው ላይ በጠፋ ግድግዳ፣ በመጨረሻም በወታደሩ ጥላ። ግድያው የተፈጸመው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2015 ከማርች 20 እስከ ኤፕሪል 5 ባሉት ቀናት ውስጥ መሆኑን አሳየ። በ2020 አራት ወታደሮች የ10 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው።

አሁን ወደ ቆቦ እንመለስ፤ የዘዴው ወሰን የሚታየው እዚህ ነውና። ጳጉሜን 4 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ዘመን ሊለወጥ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በቆቦ ሲቪሎች ተገደሉ። ከተማዋ በትግራይ ኃይሎች እጅ ነበረች፤ ስልክ ተቋርጧል፤ ጋዜጠኛ አይገባም። በየካቲት 2014 ዓ.ም. አምነስቲ ኢንተርናሽናል ባወጣው ሪፖርት የትግራይ ተዋጊዎች ነዋሪዎችን መግደላቸውን ከምስክሮች ቃል አቀረበ። የሳተላይት ምስልም መረመረ፤ ነዋሪዎች ሙታኖቻቸውን ቀበርንባቸው ባሏቸው በቅዱስ ጊዮርጊስና በቅዱስ ሚካኤል ቅጥር ግቢ አዲስ የመቃብር ምልክት ታየ።

እዚህ ጥያቄው ተገልብጧል። ቦታው ከመጀመሪያው ይታወቃል፤ የማይታወቀው በቦታው የሆነው ነው። ከሰማይ የሚታየው ትናንት ሣር የነበረበት ዛሬ የተገላበጠ አፈር ነው። አፈሩ የተቆፈረበትን ጊዜ በሁለት ምስሎች መካከል ያስቀምጥልናል። ከሥሩ ማን እንዳለ፣ ማን እንደገደለው አይናገርም። የመቃብሩ አቅጣጫ እንኳ አይረዳም፦ ክርስቲያኑ በልማድ ራሱ ወደ ምዕራብ ሆኖ ፊቱ ወደ ምሥራቅ ይቀበራል፤ ሙስሊሙ ደግሞ በጎኑ ተኝቶ ፊቱ ወደ መካ ነው፤ መካ ከቆቦ ሰሜን ስለሆነች የእሱም መቃብር ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዘረጋል። በራያ ምድር የሁለቱም ሙታን በአንድ አቅጣጫ ይተኛሉ። የሚለያቸውን የሚያውቀው የቀበራቸው ሰው ነው።

ስለዚህ ምስሉና ምስክሩ አንዱ ለአንዱ ያስፈልጋሉ። ምስክር ብቻውን ሲናገር «ወገንተኛ ነው» ይባላል፤ ምስል ብቻውን ሲቀርብ አፈር ነው። ምስክሩ «እዚህ ቀበርን» ያለበት ቦታ ላይ፣ ባለው ቀን ገደማ፣ አፈሩ ተቆፍሮ ሲገኝ ግን ቃሉን ለማስተባበል የሚነሳ ሰው ከቃሉ ብቻ ሳይሆን ከመሬቱም ጋር መከራከር ይኖርበታል። ማኅበረ ደጎና ቆቦ የሁለት ወገን ቁስል ናቸው። የአንዱን ማስረጃ የሚያምን ሰው የሌላውን የሚክድበት ምክንያት ሊኖረው አይገባም፤ ሁለቱም የተለኩት የትኛውም ወገን ባልሠራው መሬት ላይ ነውና።

በየቤቱ በስልክ ውስጥ የተቀመጡ ፎቶዎች አሉ። ማንም ያላየውን ቀን የያዘ ካለ ዋናው ፋይል እንዳለ ይቀመጥ፤ በመልእክት መተግበሪያ ሲላክ ምስሉ ይጨመቃል፣ ከውስጡ ያለው ሰዓትና የቦታ ቁጥርም ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ለማሳመር ብሎ ዳርና ዳሩን መቁረጥም ምስክሩን መቁረጥ ነው። የሟቹን ፊት ብቻ ያስቀረ ሰው ሐዘኑን ይዟል፤ ከኋላ ያለውን ተራራ ያስቀረ ግን ለፍርድ የሚሆነውን ይዟል።